የ63 ቧንቧ ወይስ የ75? በጅማ አቅራቢያ የአንድ ቡና መፈልፈያ ጣቢያ የውኃ መስመርና የሬይኖልድስ ቁጥር

ጉዳዩ

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ውኃ የሚያገኘው ከበላዩ ካለው ኮረብታ ግርጌ ከሚፈልቅ ምንጭ ነው። ምንጩ በሲሚንቶ ሳጥን ታጥሮ የጎለበተ ሲሆን፣ ከሳጥኑ የሚነሣው የኤችዲፒኢ ፕላስቲክ ቧንቧ 820 ሜትር ተጉዞና 14 ሜትር ወርዶ ወደ ጣቢያው ገንዳ ይገባል። መስመሩ ፓምፕ የለውም፤ ውኃውን የሚገፋው የከፍታው ልዩነት ብቻ ነው። ቧንቧው በገበያ 63 ሚሊሜትር የሚባለው ነው፤ ይህ የውጭ ልኩ ሲሆን፣ ለስሌት የሚያስፈልገው የውስጥ ዲያሜትር 55 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ጣቢያው ሁለተኛ የመፈልፈያ ማሽን ሲገዛ የውኃው ፍላጎት በሰከንድ ወደ 4 ሊትር ከፍ አለ። በነሐሴ ወር 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ስንለካ መስመሩ በርሜሉን በ94 ሰከንድ ሞላው፤ ይህም በሰከንድ 2.13 ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው፣ የጥቅምት ለቀማ ከመጀመሩ በፊት የውኃውን መጠን ወደ እጥፍ የሚያደርስ መስመር መወሰንና መዘርጋት ነበር።

የጣቢያው ቴክኒሽያን ስሌቱን አስቀድሞ ሠርቶ ጠበቀን። ሐሳቡ አሮጌውን ቧንቧ አንሥቶ በ75 ሚሊሜትር ቧንቧ መተካት ነበር፤ የተነሣው ቧንቧም ከፊሉ ለእጣቢ ውኃ መውሰጃ ያገለግላል። የ75ቱ የውስጥ ዲያሜትር 66 ሚሊሜትር ነው፤ ከ55ቱ ጋር ሲነጻጸር 1.2 እጥፍ ይሆናል። ቴክኒሽያኑ ይህን ወደ አራተኛ ኃይል ከፍ አድርጎ 2.07 አገኘ፤ በ2.13 አባዝቶም በሰከንድ 4.42 ሊትር ጻፈ። ከሚፈለገው 4 ሊትር በላይ ስለሆነ፣ ቧንቧው እንዲገዛ የሚጠይቀው ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ነበር።

የስሌቱ አሠራር ራሱ ስሕተት የለበትም። ጀርመናዊው ሐገንና ፈረንሳዊው ፖይዘይ በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ የደረሱበት ሕግ በትክክል ይህንኑ ይላል፦ የፍሰቱ መጠን ከዲያሜትሩ አራተኛ ኃይልና ከግፊቱ ልዩነት ጋር እኩል ያድጋል። ቴክኒሽያኑም ሕጉን ከወረቀት ብቻ አላገኘውም። ከዚህ በፊት በማር ማጣሪያ ሠርቷል፤ እዚያ ማሩ ከማሞቂያው ወደ ማሸጊያው በ50 ሚሊሜትር ቧንቧ ሲወርድ፣ ጋኑን በእጥፍ ከፍ ሲያደርጉት ፍሰቱም እጥፍ ሲሆን በዓይኑ አይቷል። «በማሩ ላይ ሠርቶ በውኃው ላይ ለምን እንቢ ይላል? ውኃ እንዲያውም ይቀላል እኮ» አለን። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የዚህ ጉዳይ ቁልፍም «ይቀላል» ያለው ነገር ነው።

ቁጥሩ ምን ይለካል

በቧንቧ ውስጥ በሚጓዝ ፈሳሽ ላይ ሁለት ተጻራሪ ዝንባሌዎች አሉ። አንደኛው ኢነርሺያ ነው፤ የተንቀሳቀሰው የፈሳሽ ክፍል በያዘው አቅጣጫና ፍጥነት መቀጠል ይፈልጋል፣ ከመንገዱ ትንሽ ሲያፈነግጥም ማፈንገጡን ይቀጥላል። ሁለተኛው ዝልግልግነት ነው፤ ጎን ለጎን ያሉት የፈሳሽ ንብርብሮች በፍጥነት ሲለያዩ እርስ በርሳቸው ይጎታተታሉ፣ ያፈነገጠውንም ክፍል ከጎረቤቶቹ ጋር ወደ እኩል ጉዞ ይመልሱታል። የመጀመሪያው ኃይል ለአንድ ኪዩቢክ ሜትር ሲሰላ የእፍግታውና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት ለዲያሜትሩ ተካፍሎ የሚገኘው ያህል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዝልግልግነቱና የፍጥነቱ ብዜት ለዲያሜትሩ ካሬ የተካፈለው ያህል ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል የሬይኖልድስ ቁጥር የሚባለው ይቀራል፦

```
Re = ρ V D / μ = V D / ν
```

እዚህ ላይ V አማካይ ፍጥነት፣ D የውስጥ ዲያሜትር፣ ρ እፍግታ፣ μ ዝልግልግነት ነው፤ ν ደግሞ ዝልግልግነቱ ለእፍግታው ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሜትሩም ሰከንዱም ኪሎግራሙም እርስ በርስ ስለሚጣፉ ውጤቱ መለኪያ አሃድ የሌለው ባዶ ቁጥር ይሆናል። ለዚህም ነው የማርን ቧንቧና የውኃን ቧንቧ፣ ቀጭኑንና ወፍራሙን፣ በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የሚቻለው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ማስተማሪያ መጻሕፍት ይህን ብዙ ጊዜ አልፈውት ይሄዳሉ። ቁጥሩ «የሁለት ኃይሎች ውድር» ሲባል በቧንቧው ውስጥ በእያንዳንዱ ነጥብ የሚለኩ ሁለት ኃይሎች አሉ ማለት አይደለም። በቀጥተኛ ቧንቧ ውስጥ ንብር በንብር በሚፈስ ፈሳሽ ላይ እያንዳንዱ ቅንጣት በቋሚ ፍጥነት ስለሚጓዝ ፍጥነት የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ነገር የለም፤ ስለዚህ የኢነርሺያው ኃይል በጥሬው ዜሮ ነው፣ ቁጥሩ ግን 1,500 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚነግረን አንድ ትንሽ መናወጥ ቢፈጠር ኢነርሺያ ሊያሳድገው የሚችልበት አቅም፣ ዝልግልግነት ሊያከስመው ከሚችልበት አቅም ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ነው።

አሁን ማሩንና ውኃውን እናስተያያቸው። ሞቅ ያለ ማር ከውኃ ከሺህ እጥፍ በላይ ዝልግልግ ነው፤ እፍግታው ግን ከውኃ የሚበልጠው በ1.4 እጥፍ ብቻ ነው። በ50 ሚሊሜትር ቧንቧ፣ በሰከንድ 10 ሴንቲሜትር ቢጓዝ፣ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ10 አይበልጥም። የጣቢያችን ውኃ ደግሞ በሰከንድ 2.13 ሊትር በ55 ሚሊሜትር ቧንቧ ሲያልፍ አማካይ ፍጥነቱ 0.90 ሜትር በሰከንድ ነው። የውኃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ν አንድ ሚሊዮንኛ ካሬ ሜትር በሰከንድ ነው፦

```
Re = 0.90 × 0.055 / 0.000001 ≈ 49,000
```

ውኃ «ይቀላል» የተባለው በዝልግልግነቱ ከሆነ እውነት ነው፤ ነገር ግን መናወጥን የሚያከስመው እሱ ስለሆነ፣ ሲቀንስ ፍሰቱ ከሥርዓት ይወጣል። ማሩ በላሚናር፣ ማለትም ንብር በንብር በሚሄድ ፍሰት ሲወርድ፣ ውኃው በተርቡለንት፣ ማለትም በሚተራመስና በሚቀላቀል ፍሰት ይጓዛል። የሐገንና የፖይዘይ ሕግ ለመጀመሪያው ብቻ የተሰጠ ነው።

ድንበሩ የት ነው

ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በማንቸስተር በ1883 ባሳተመው ሥራ በመስታወት ቱቦ ውስጥ በሚያልፍ ውኃ መካከል ቀለም አፍስሶ፣ ቀለሙ ቀጥ ያለ ክር ሆኖ የሚዘልቅበትንና ድንገት ተበጥብጦ ቱቦውን የሚሞላበትን ሁኔታ ለየ። በዛሬው ልማድ መሐንዲሶች ለክብ ቧንቧ ከ2,000 እስከ 2,300 በታች ያለውን ላሚናር፣ ከ4,000 በላይ ያለውን ተርቡለንት አድርገው ይወስዳሉ። በመካከሉ ያለው አካባቢ አንዴ ይህን አንዴ ያን ስለሚሆን የሰበቃ ስሌት እዚያ ላይ አስተማማኝ አይደለም።

ይህ ድንበር ግን እንደ ግድግዳ የቆመ አይደለም። ሬይኖልድስ ራሱ መግቢያውን ለስላሳ አድርጎ ውኃውን አስቀድሞ በማርጋት 13,000 አካባቢ ድረስ ላሚናር ፍሰት አቆይቷል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም በቤተ ሙከራ ከፍተኛ ጥንቃቄ እስከ 100,000 አድርሰውታል። በታችኛው ወገን ደግሞ በ2011 የታተመ ጥናት የተርቡለንስ ቁራጮች እየሞቱ ከሚጠፉበት ይልቅ እየተከፈሉ የሚባዙበት መነሻ 2,040 አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በታች መናወጥ ቢነሣም ውሎ አድሮ ይከስማል፤ ከዚያ በላይ ግን አንዴ ከተነሣ ራሱን ማቆየት ይችላል።

ይህን ማንሣቴ ያለምክንያት አይደለም። ቴክኒሽያኑ ስለ ቤተ ሙከራው ሲሰማ «እንግዲያው የእኛስ በ49,000 ላሚናር ሊሆን አይችልም?» ብሎ ጠየቀ። በመርሕ ደረጃ «አይቻልም» ማለት አይቻልም፤ በዚህ መስመር ላይ ግን አይሆንም። የሳጥኑ መውጫ ስለታም ጠርዝ ያለው ነው፣ ከኋላው ወንፊትና ቫልቭ አለ፣ በየመገጣጠሚያው የቧንቧው ውስጥ ትንሽ ከንፈር ያወጣል፣ መስመሩም ከመሬቱ ጋር ይጠማዘዛል። እነዚህ ሁሉ መናወጥን ያለማቋረጥ ይዘራሉ።

ሁለተኛ መከራከሪያው ዓይን የሚያየው ነበር። የገንዳው ገጽ ጸጥ ያለ ነው፤ በርሜሉም በተደጋጋሚ ሲሞላ ጊዜው በአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ይለያያል። ነገር ግን ቧንቧው ወደ ገንዳው የሚገባው ከውኃው ገጽ በታች ስለሆነ የገጹ ጸጥታ ስለ ቧንቧው ውስጥ የሚናገረው የለም። የበርሜሉ ጊዜ አለመለዋወጥም አማካዩ እንደማይለወጥ ብቻ ያሳያል፤ በተርቡለንት ፍሰት ውስጥ በየቅጽበቱ የሚዋዥቀው ፍጥነት 94 ሰከንድ ሙሉ ሲደመር ይጠፋፋል።

ይልቅስ ይህን ልብ ማለት ይበቃል፦ ይህ ቧንቧ በ2,000 ቁጥር እንዲሄድ ቢፈለግ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ4 ሴንቲሜትር በታች መሆን አለበት፤ በርሜሉም በ39 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ያን ያህል ፍሰት በ820 ሜትር ለመግፋት የሚያስፈልገው የከፍታ ልዩነት 3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። እኛ ያለን 14 ሜትር ነው።

በቦታው የተደረገው ፈተና

ክርክሩን በወረቀት ብቻ መዝጋት ስላልፈለግን መስመሩ ራሱ እንዲመሰክር አደረግን። የሁለቱ ፍሰቶች ልዩነት በዲያሜትር ላይ ብቻ ሳይሆን በግፊት ላይም ይታያል። ላሚናር ከሆነ የሚገፋው ከፍታ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱም በግማሽ ይቀንሳል። ተርቡለንት ከሆነና ቧንቧው ለስላሳ ከሆነ ግን ብላሲዩስ በ1913 ባወጣው የሰበቃ ቀመር መሠረት የሚባክነው ከፍታ ከፍሰቱ 1.75ኛ ኃይል ጋር ስለሚያድግ፣ በግማሽ ከፍታ ፍሰቱ ወደ 67 በመቶ ብቻ ይወርዳል።

ከገንዳው አጠገብ ካለው ጌት ቫልቭ በፊት የግፊት ጌጅ ተከልን። ቫልቩን ቀስ ብለን ሙሉ በሙሉ ስንዘጋው ጌጁ 1.37 ባር አነበበ፤ ይህም የ14 ሜትሩ ውኃ ክብደት ነው። ቀስ ብለን ማለቴ ሆን ብዬ ነው፤ 820 ሜትር ውኃ በአንድ ጊዜ ቢቆም የሚፈጥረው ድንጋጤ መገጣጠሚያ ሊያላቅቅ ይችላል። ቀጥሎ ቫልቩን ጌጁ 0.7 ባር እስኪያሳይ ድረስ ከፈትነው። በዚህ ጊዜ ከ14 ሜትሩ 7.1 ያህሉ ቫልቩ ላይ ይቀራል፤ በቧንቧው ሰበቃ የሚበላው ቀሪው፣ ማለትም ግማሽ ለመሆን ጥቂት የሚጎድለው ነው።

ላሚናር ቢሆን ኖሮ በርሜሉ ከ190 ሰከንድ በላይ ይፈጅ ነበር። ተርቡለንት ከሆነ 141 ሰከንድ ገደማ ይጠበቃል። የሞላው በ139 ሰከንድ ነው። የሁለት ሰከንዱ ልዩነት በበርሜሉ አፍ ላይ ከሚደረገው የዓይን ግምትና ከጌጁ ትክክለኛነት አያልፍም፤ በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው የሃምሳ ሰከንድ ርቀት ግን በምንም የመለኪያ ስሕተት አይሸፈንም። ቴክኒሽያኑ የሩጫ ሰዓቱን የያዘው ራሱ ስለነበር ከዚህ በኋላ የተከራከረ የለም። በእኔ ግምት ጌጅና በርሜል ባለበት ቦታ ሁሉ ይህ ፈተና ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል፤ የቧንቧውን ሸካራነትም ሆነ የውኃውን ሙቀት ሳይጠይቅ ስለ ፍሰቱ ዓይነት ይናገራልና።

ውሳኔው እንዴት ተለወጠ

በብላሲዩስ ቀመር የከፍታው ልዩነትና ርዝመቱ እንዳሉ ሆነው ዲያሜትሩ ብቻ ሲለወጥ ፍሰቱ የሚያድገው በዲያሜትሩ 2.71ኛ ኃይል ነው፤ አራተኛ ኃይል አይደለም። 1.2 ወደ 2.71 ከፍ ሲል 1.64 ይሆናል። ስለዚህ የ75 ቧንቧ የሚሰጠው 4.42 ሳይሆን በሰከንድ 3.5 ሊትር ያህል ነው። ከሚፈለገው የሚጎድለው ግማሽ ሊትር ትንሽ ቢመስልም፣ ሁለቱ ማሽኖች 10 ሰዓት በሚሠሩበት ቀን 18 ሺህ ሊትር ይሆናል፤ ይህም የሚጎድለው የለቀማው ጫፍ በሆነበት፣ እሸቱ እስከ ማግስቱ ሊያድር በማይችልበት ጊዜ ነው።

ቀመሩ የራሱ ወሰን አለው። የሚያገለግለው ለስላሳ ግድግዳ ላላቸው ቧንቧዎች፣ ከ4,000 እስከ 100,000 ላለው የሬይኖልድስ ቁጥር ነው። የ75ቱ ቧንቧ በ67,000፣ ከዚያ የሚቀጥለው የ90ውም በ92,000 አካባቢ ስለሚሠሩ ከወሰኑ አይወጡም። መስመሩ የዛገ የብረት ቧንቧ ቢሆን ኖሮ ግን ሸካራነቱ ስለሚያይል ፍሰቱ የሚያድገው ወደ 2.5ኛ ኃይል ተጠግቶ ነበር፤ የ75ቱም ጉድለት በዚያው ልክ ይብስ ነበር። አሮጌው ቧንቧ በቀመሩ ሲሰላ 2.23 ሊትር መስጠት ነበረበት፣ የሰጠው 2.13 ነው። ይህን የአምስት በመቶ ያህል ጉድለት ለወንፊቱ፣ ለቫልቩና ለመገጣጠሚያዎቹ ሰጠነው። አዲሶቹን ግምቶች ከተለካው 2.13 አንሥተን ያሰላነው ይህ ብክነት አብሮ እንዲቆጠር ነው።

የ90 ሚሊሜትር ቧንቧ፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 79 ስለሆነ፣ በሰከንድ 5.7 ሊትር ይሰጣል። በመጀመሪያ እይታ መፍትሔው እሱ ይመስላል፤ ችግሩ ምንጩ ነው። በነሐሴ ከሳጥኑ ጎን የሚፈስሰውን ትርፍ ውኃ ለክተን ከመስመሩ ፍሰት ጋር ስንደምረው ምንጩ የሚሰጠው 5 ሊትር ያህል ሆነ፤ እሱም በክረምት ማብቂያ የሚታየው ከፍተኛው ነው። ቧንቧው ምንጩ ከሚሰጠው በላይ መውሰድ ሲችል ሳጥኑ ይደርቅና በአፉ አየር ይገባል፤ አየሩም በመስመሩ ጉብታዎች ላይ እየተጠራቀመ ፍሰቱን ያቆራርጠዋል። ይህን በታች ባለው ቫልቭ ማነቅ ይቻላል፤ ነገር ግን አንቆ ለማስቀረት ውድ ቧንቧ መግዛት ስሜት አይሰጥም።

የተመረጠው ከሁለቱም የተለየ ነው፦ አሮጌውን ባለበት ትቶ አጠገቡ ሌላ 63 ሚሊሜትር ቧንቧ መዘርጋት። የዚህ መንገድ ጥንካሬ ፍሰቱ ላሚናርም ይሁን ተርቡለንት መልሱ የማይለወጥ መሆኑ ነው፤ ሁለት እኩል ቧንቧዎች በእኩል ከፍታ ሲወርዱ እጥፍ ይሰጣሉ። የፕላስቲኩም ክብደት ከ75ቱ ያንሳል፦ ለአንድ ሜትር የ63ቱ 0.68፣ የ75ቱ 0.95፣ የ90ው 1.37 ኪሎግራም ገደማ ነው። ለእጣቢ ውኃ ታስቦ የነበረው አሮጌ ቧንቧ ስለማይነሣ ለዚያ 200 ሜትር ያህል ተጨማሪ መግዛት ግድ ሆነ፤ እሱ ተደምሮም ጠቅላላ ክብደቱ ከመጀመሪያው የ75 ዕቅድ አልበለጠም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀን ጠየቅን፦ ሁለቱ ቧንቧዎች ከሳጥኑ በየራሳቸው መውጫ እንዲነሡና በየራሳቸው ቫልቭ ገንዳው ውስጥ እንዲገቡ። ላይ ባለች አጭር የጋራ ቧንቧ ቢጀምሩ ኖሮ እጥፉ ፍሰት በዚያች ቁራጭ ላይ እጥፍ ፍጥነት ይኖረው ነበር፤ በእያንዳንዱ ሜትሯ የሚባክነው ከፍታም ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆን ነበር።

መስመሩ ከተዘረጋ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ሁለቱ ቧንቧዎች በአንድነት በርሜሉን በ48 ሰከንድ ሞሉት፤ በሰከንድ 4.17 ሊትር ማለት ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ እንደገና ሲለካ ምንጩ በአጠቃላይ የሚሰጠው ወደ 4.4 ሊትር ወርዶ ነበር፤ ሳጥኑ አሁንም በጎኑ ጥቂት ያፈስሳል፣ ቫልቮቹም ሙሉ በሙሉ ክፍት ናቸው። ከዚያ በታች ከወረደ ከሁለቱ ቫልቮች አንዱን ትርፉ ውኃ በሳጥኑ ጎን እንደገና መፍሰስ እስኪጀምር ድረስ ማጥበብ እንደሚያስፈልግ ለጣቢያው በጽሑፍ ተሰጥቷል።